ግማሽ ኪሎ ስድብ

እኔን ብሎ አስተማሪ! በአውራ ጣቴ የምፈርም አሮጊት፣ ደረጃ ለመውጣት ሦስቴ የማርያምን ስም የምጠራ፣ በማላውቀው ወጥ ቤት፣ በማላውቀው ምግብ አብሳይ የተነሳ፣ ነውረኛ ቃል በጨዋ ደንብ እንዴት እንደሚጠየቅ ሳስተምር ሰነበትኩ። ሰው ሲያረጅ ጸሎት ያበዛል ይላሉ። እኔ ስድብ አበዛሁ። «ምን አገባሽ?» ያለኝ ሰው አልነበረም፤ ቢኖርም አልሰማውም።

ነገሩ ከተከራይ ነው የመጣብኝ። ቂርቆስ ግቢዬ ውስጥ አንዲት ትርፍ ክፍል አለችኝ። ወደ ካዛንቺስ ያለው ሰፈር ፈርሶ መንገዱ ሲሰፋ የኛ ጥግ ተርፋለች፤ እኛም ተረፍን ብለን የመጣውን ሰው እናስገባለን። አንድ ቀን አንዲት ፈረንጅ ሻንጣዋን እየጎተተች መጣች። ኬክ ጋጋሪ ናት። ካዛንቺስ አንድ ሆቴል ቀጥሯት ቶርታውን፣ ብስኩቱን፣ ያንን ቅቤ ብቻ የሆነውን የፈረንጅ ዳቦ የምትሠራ። የሷ ቢጤዎች ሊፍት ያለው ፎቅ ላይ ሲኖሩ ይቺ «ቋንቋውን ሰው መሃል ሆኜ መማር እፈልጋለሁ» አለችኝ። እኔም ሰው ነኝና አስገባኋት።

አማርኛዋን ከመጽሐፍ ነው የጀመረችው። ስለዚህ ስትናገር ዜና የምታነብ ነው የምትመስለው። ጠዋት በሬን ታንኳኳና «እንደምን አደሩ እማማ? ሌሊቱን በመልካም ሁኔታ አሳለፉ?» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ቀጥሎ የአየር ጠባይ የምትነግረኝ ይመስለኛል። ብቻ ጨዋ ልጅ ናት። አንድ ጥሩ ጠባይም አላት፣ ያላወቀችውን አታስመስልም፤ ትጠይቃለች። ጉድ የሠራን ያ ጥሩ ጠባይዋ ነው።

የማርያም ዝክር ቤቴ ደርሶ ነበር። የንስሐ አባቴ መጥተዋል። የማኅበሩ ሴቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል። ከግድግዳ ማዶ ያለችው ጎረቤቴም ከነባሏ አለች፤ ባሏ ጡረታ የወጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፣ ክራቫቱን ግን ገና ጡረታ አላወጣውም። ልጅቱንም «ነይ፣ ዝክር ቅመሺ» ብዬ ጠርቻት በርጩማ ላይ አስቀመጥኳት። አባ ዳቦውን ባርከው፣ ቆርሰው፣ ሁላችንም ጸጥ ብለን መቅመስ ስንጀምር እሷ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አንድ ጥያቄ ማቅረብ ይቻላል?»

አባ ደስ አላቸው። ስለ እመቤታችን ልትጠይቅ መስሏቸዋል፤ ለሁላችንም እንደዚያ ነው የመሰለን። «ጠይቂ ልጄ፣ መጠየቅ መልካም ነው» አሏት።

ጠየቀቻ። «ይህ ቃል ምን ማለት ነው?» ብላ አንዲት ቃል ጣለች። ቃሏን እዚህ አላስገባትም፤ ይቺን የማስጽፋትን ነገር ለእናቱ ጮክ ብሎ የሚያነብ ይኖራል። የወጥ ቤትና የመንገድ ቃል ናት፤ ከወገብ በታች ናት፤ ሌላ ምን ልበላችሁ። አጠራሯ ደግሞ! «ጭብጦ» ማለት አቅቷት ስትንተባተብ የከረመች ልጅ ያቺን ቃል እንደ መስተዋት ጥርት አድርጋ አወጣቻት።

አባ የቆረሱት ዳቦ እጃቸው ላይ ቀረ። ሴቶቹ በአንዴ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። እኔ ሳቄን ለመዋጥ የዳቦውን ቅርፊት ሙሉውን ጎረስኩት፣ ልሞት ነበር።

እሷ የሰማት ሰው የለም መስሏት ጮክ አድርጋ ደገመችው።

«ልጄ፣» አሉ አባ ቀስ ብለው፣ «ይህን ቃል እኔ... በመጽሐፍ አላገኘሁትም።»

ይሄኔ የጎረቤቴ ባል ክራቫቱን አስተካክሎ ተነሳ። ቢሮ ሳለም እንደዚህ ነበር ይላሉ፣ ጭንቅ ሲመጣ መፍትሔ ያመጣል። «ጎመን ነው!» አለ። «የጎመን ዓይነት ነው። ደጋ ላይ የሚበቅል።»

«አሃ!» አለች ልጅቱ። «አመሰግናለሁ።»

ሁላችንም እፎይ አልን። ጎረቤቴ ብቻ የባሏን ጭን በጥፍሯ ያዘችው። ነገሩ እኮ እንደዚህ ነው፤ እኛ ሰው አናሳፍርም ብለን እንዋሻለን። ማንም «ይሄ ነውር ነው፣ አትበይው» ቢላት የሁለት አፍታ እፍረት ነበር። ይሉኝታችን ግን ጎመን አድርጎ አረፈው። ማታውን ልነግራት አስቤም ነበር፤ እንግዶቹ ሲሸኙ እሷ ተኝታለች። ጋጋሪ ናት፣ ጎህ ሳይቀድ ነው የምትወጣው።

በማግስቱ ከሰዓት ግቢው በር ሲንኳኳ ከፈትኩ። ልጅቱ ናት፣ ፊቷ በርበሬ መስሏል። እጇ ላይ ባዶ ዘንቢል አንጠልጥላለች።

«ምን ሆንሽ ልጄ?»

«ወደ ቄራ መውረጃ፣ ጉልት ያሉት እናት ጋ ሄድኩ።»

«እሺ።»

«ግማሽ ኪሎ ጠየቅኳቸው።»

«ምን? የምኑን ግማሽ ኪሎ?»

ባዶ ዘንቢሏን አየች። ያኔ ገባኝ። መዝጊያውን ያዝኩ።

«ኧረ በማርያም! ምን አልሻቸው?»

«‹እባክዎን፣ ትኩስ ከሆነ› አልኳቸው። ‹ምን አልሽ አንቺ?› አሉኝ። እኔም ‹ደጋ ላይ የሚበቅለውን› አልኩ።»

እግዜር ያሳያችሁ፣ እኔ በዚያች ሰዓት ማዘን ነበረብኝ። በሳቅ ደረቴን ይዤ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። የጉልቷ ሴትዮ ብድግ ብላ ሚዛኑን ጥላ፣ «እናትሽ እንዲህ ነው ያስተማረችሽ?» ብላ ጮኻባት፤ ጎን ያሉት ቲማቲም ሻጮች ደግሞ በሳቅ እርስ በርስ ተደጋገፉ። ልጅቱ ሳቁንም ቁጣውንም አንድ ላይ ተሸክማ ነው የመጣችው። እኔም ስስቅባት እንባዋ መጣ። ያን ጊዜ ሳቄ ቆመ።

ውስጥ አስገባኋት፣ ሻይ አፈላሁላት። ጉዱ ያኔ ነው የወጣው። ቃሏን ከመንገድ አልነበረም የሰማቻት። ወጥ ቤቱ ውስጥ አንድ ምግብ አብሳይ አለ። ጠዋት ጠዋት እሷ ገና በጓሮ በር ስትገባ ያቺን ቃል ይላታል። ሌሎቹ ይስቃሉ። ሁልጊዜ። ስትገባ ቃሏ፣ ቃሏ ስትወጣ ሳቅ።

«ጎመን ነው ሲሉኝ ትንሽ ቅር አለኝ፣ ግን ተውኩት» አለች። «ጎመን ይለኛል፣ ይበለኝ፣ አልኩ። አሁን ግን ጎመን እንዳልሆነ ገባኝ። ሥራ አስኪያጁ ‹የሚሰድብሽ ሰው ካለ ንገሪኝ፣ ያን ቀን ይሰናበታል› ብሎኛል። ነገ እነግረዋለሁ።»

«ክፉ ሰው ነው?»

አሰበች። «አይደለም። ይህ ነው የገረመኝ። ሚስቱ ሰሞኑን ወልዳ ገንፎ ይዞልን መጥቶ ነበር። ለእኔም ቅቤውን መሃል ላይ አድርጎ ሰጠኝ።»

ገና አራስ ቤት ያለ ሰው። ሻዬን አስቀመጥኩት። እንግዲህ ይሄኔ ነበር አፌን ዘግቼ መቁጠሪያዬን መያዝ የነበረብኝ። ልጅቱ ተሰድባ ከሆነ መናገሯ ሐቅ ነው፤ ማንም ሴት በየጠዋቱ እንደዚያ ተብላ ዝም አትበል። ካልተሰደበች ግን አንድ አራስ ያለችው አባወራ በባዶ እጁ ቤቱ ሊገባ ነው። እና የቃሏን ነገር የሚያውቅ ሰው ሁሉ ጎመን እያለ ይሸሻል።

«መጀመሪያ እወቂ» አልኳት። «ከዚያ ተናገሪ።»

«እርስዎ ይንገሩኝ እንግዲያው። ምን ማለት ነው?» ብላ ያቺን ቃል ልትደግማት አፏን ከፈተች።

«ዝም በይ! እንደዚህ አይጠየቅም። ውጪ። ውጪና እንደ ሰው ተመልሰሽ ግቢ።»

እውነትም ወጣች፣ ምስኪን። በሩን አንኳኳች።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ብቻሽን ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«እኔስ ብቻዬን ነኝ?»

አንገቷን አስግጋ ክፍሉን አየች። «አዎ።»

«እንግዲያው ግቢ። የመጀመሪያው ይሄ ነው። ሰው ፊት አይጠየቅም፣ ቄስ ፊት ደግሞ በፍጹም። በሁለት ሰው መሃል ነው። አሁን ይቅርታሽን አስቀድሚ።»

«ይቅርታ እማማ።»

«ምኑን ነው ይቅርታ? ለምን እንደሆነ ሳልሰማ እደነግጣለሁ። ‹አንድ የሰማሁት ቃል አለ፣ ነውር ከሆነ አስቀድሜ ይቅርታ ልጠይቅ› በይኝ። ‹ለእርስዎ ማለቴ አይደለም› በይኝ። ሰው ጆሮውን ያዘጋጅ እንጂ፣ በር ሳታንኳኪ ትገቢያለሽ?»

አለችኝ፣ እንደ ዜናው አሳምራ። ቀጥላ ስልኳ ላይ ጻፈችውና አቀረበችልኝ።

«ይሄ ለሌላ ሰው ደንበኛ ነው» አልኳት። «አፍሽ ሳይቆሽሽ ሰውየው ሳያፍር ያነበዋል። ለኔ ግን ወንጌልም ብትጽፊ ስድብም ብትጽፊ ያው መስመር ነው። በጆሮዬ በይ።»

በጆሮዬ አለችኝ። እኔም በጆሮዋ ነገርኳት። ቃል በቃል አይደለም፤ ዙሪያውን ዞሬ፣ በእጄም ትንሽ አግዤ። ጆሮዋ እያየሁት ቀላ።

«ይህንን ነው በየቀኑ የሚለኝ?»

«እኔ እንጃ።»

«እንዴት እንጃ? ቃሉን ያውቁታል!»

«ቃሉን አውቀዋለሁ። ሰውየውን አላውቀውም። ስሚኝ ልጄ። ያቺ ቃል ለአባትሽ፣ ለእናትሽ ብትሞቺም አትባልም። ለማታውቂው ሰው ከተባለች ዱላ ነው። ዱርዬ ለዱርዬ ግን እየተቃቀፉ ይባባሏታል። ጣቱን በመዶሻ የቀጠቀጠ ሰው ደግሞ ብቻውን ሆኖ ይላታል፤ ለማን እንዳላት ብትጠይቂው አያውቅም። እና ቃሏን ብቻ ይዘሽ አለቃ ጋ ብትሄጂ ምን ልትነግሪው ነው? እዚያ ቆሞ የሚያየውን ሰው ጠይቂ።»

«እሱን ራሱን ልጠይቀው?»

«ጓደኞቹ ፊት? ወንድ ጓደኞቹ ፊት ሲጠየቅ ወይ ይክዳል ወይ ይጀነናል። ሴት የለችም እዚያ ቤት? ያንቺ እኩያ?»

አትክልት የምትከትፍ አንዲት ሴት አለች አለችኝ። ሁለቱ ልብስ መቀየሪያው ጋ ብቻቸውን ይሆናሉ።

«እሷን። ግን ‹ማነው የሰደበኝ› እንዳትያት። ያኔ ጓደኛዋን ለማዳን ትዋሻለች። ‹ይቺ ቃል እዚህ ቤት ለምንድነው የምትባለው› በያት። ደግሞ ስታፍር ጎመን ትልሻለች፣ እወቂው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እንድትናገር አታስገድጃት። ራሷን ብቻ እንድትነቀንቅ አድርጊያት። ነውር ነው? አዎ፣ አይ። ለሰው ነው ለዕቃ? አንዱን ትመርጣለች። ሰው ነውረኛ ነገር በአፉ ማውጣት ያፍራል እንጂ መነቅነቅ አያፍርም።»

ማታውን ልምምድ ገባን። እኔ አትክልት ከታፊዋን ሆንኩ። አጠገቤ ቢላ ስላልነበረ ማንኪያ ያዝኩ። ልጠይቅ ባለች ቁጥር «ኧረ ተይው፣ ምንም አይደል፣ በቃ ዝም ብሎ ነው!» እያልኩ አስቸገርኳት። እውነቱን ልናገር፣ ከሚያስፈልገው በላይ ነው ያስቸገርኳት፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ጎረቤቴ በግድግዳው ማዶ ሰምታ «ምንድነው እዚያ?» ብላ ጮኸች። «ትምህርት ቤት ነው!» አልኳት።

በማግስቱ ከሰዓት በር በሩን ሳይ ዋልኩ። መጣች። ዘንቢሏ ባዶ አይደለም፣ ፊቷም በርበሬ አይደለም። ግን ቶሎ አትነግረኝም፣ ጫማዋን ታወልቃለች፣ እጇን ትታጠባለች። ያስቸገርኳትን መመለሷ ነው።

«ተናገሪ እንጂ! ለአለቃሽ ነገርሽው?»

«መጀመሪያ ጠየቅኳት። ብቻችንን ስንሆን። ይቅርታ አስቀደምኩ። ስልኬ ላይ ጽፌ አሳየኋት።»

«እሺ?»

«‹እንዴ! ይሄማ... ሰላምታ ነው በቃ› አለችኝ።»

«አላልኩሽም! አንዷ ጎመን፣ አንዷ ሰላምታ!»

«እኔም ‹እንድትነግሪኝ አልፈልግም፣ አዎ አይደለም ብቻ› አልኳት። ‹ነውር ነው?› ራሷን ነቀነቀች። መሬት መሬት ታያለች። ‹ለሰው ነው የሚለው ለዕቃ?› አልኳት። ይሄኔ ቀና ብላ አየችኝ። ‹ለሰው? ለየትኛው ሰው?› አለች። ‹ለእኔ ነው?› አልኳት። እማማ፣ የያዘችው ልብስ ከእጇ ወደቀ። እጄን ይዛ እየጎተተች ወጥ ቤት ወሰደችኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የጓሮው በር አጠገብ ፎርኔሎ አለ። ሰውየው ገና በጠዋት ሱጎውን እዚያ ላይ ይጥደዋል፤ ሱጎ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚበስለው፣ እሳቷ ጭል ጭል ነው የምትለው። ልጅቱ ትሪ ሙሉ ሊጥ በሁለት እጇ ተሸክማ ትመጣለች። እጅ የላትም፣ ስለዚህ በሩን በወገቧ ገፍታ፣ ጀርባዋን አዙራ ነው የምትገባው። በሩ ብርግድ ሲል ነፋሱ ይገባና እሳቷን እልም ያደርጋታል። ሰውየው ፎርኔሎውን ያያል። ያቺን ቃል ይላል። ለፎርኔሎው! ሌሎቹም የሚስቁት በየቀኑ ገና እሷ ብቅ ስትል እሳቷ ስለምትጠፋና እሱ ደግሞ በየቀኑ እንደ አዲስ ስለሚናደድ ነው። እሷ ዘወር ስትል የምታየው የተናደደ ፊትና የሚስቅ ሰው ብቻ።

ከታፊዋ በሩን ከፍታ ዘግታ አሳየቻት። እሳቷ ጠፋች።

«ሥራ አስኪያጁስ?»

«መጣ። ‹ሁሉ ሰላም ነው?› አለኝ። ሁልጊዜ እንደሚለው። ሰውየው እዚያው ቆሟል፣ ሽንኩርት ያማስላል። ‹ሰላም ነው› አልኩ።»

እኔም ሰላም ነው አልኩ። ሳላስበው ተነፈስኩ። የማላውቃት አራስ ቤቷ ተኝታ ገንፎዋን ትብላ፣ ጉዳዩን ሰምታው አታውቅም፣ ባትሰማም ይሻላል።

ከታፊዋ ግን ዝም አላለችም፣ የትኛዋ ሴት ዝም ትላለች? ለሰውየው ነገረችው። እሱ ሲሰማ በቁሙ ደረቀ አሉ። ያን ቀን ልጅቱ ፊት ቀና ማለት አቃተው። በማግስቱ መጥቶ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ የዕድሜ እኩያውን «እርስዎ» እያለ «እመቤቴ ምስክሬ ናት፣ ለእርስዎ አይደለም» ብሎ ማለላት። እሷም «ነውር ከሆነ አስቀድሜ ይቅርታ፣ ግን ለፎርኔሎውም ከባድ ነው» አለችው። አፏ ተፈታ! ከዚያ ወዲህ እሳቷ ስትጠፋ ሰውየው ጥርሱን ነክሶ ፎርኔሎዋን «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይላታል። ወጥ ቤቱ ድሮ ከሚስቀው የባሰ እየሳቀ ነው።

ጉልት ያለችውን ሴትም ሄዳ ይቅርታ ጠየቀቻት። እዚያም በደንቡ ነው፣ ገበያው ሲቀዘቅዝ፣ ወገቧን አጎንብሳ በጆሮዋ። ሴትየዋ እንደገና ልትቆጣ ብላ ሳቋ አመለጣትና ጎመን በእቅፏ ሰጠቻት። «ጎመን ማለት ይሄ ነው፣ የነገረሽን ሰው በይው» አለቻት። የነገራት የጎረቤቴ ባል ግን አይገኝም፤ ልጅቱ ከበሩ ስትወጣ ከሩቅ ካያት መንገድ ይቀይራል።

እኔማ ኩራቴ አይቻልም። አንድ አባወራ እንጀራው ላይ ሰነበተ፣ አንዲት ሴት ልጅ ልቧ አረፈ፣ የንስሐ አባቴም «ያቺ ልጅ ቃሏን ደረሰችበት?» ብለው በዘወርዋራ ጠየቁኝ። ስለዚህ እሁድ ጠዋት ግድግዳው ጋ ቆሜ ለጎረቤቴ ከአንድ እስከ መጨረሻ ተረኩላት፤ እንዴት እንዳስለመድኳት፣ ማንኪያውን እንዴት እንደያዝኩ፣ መነቅነቁን ከየት እንዳመጣሁት፣ በሩን፣ እሳቷን፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ»ን። ምንም አላስቀረሁም፣ ትንሽም ጨማምሬያለሁ።

እሷ ልብስ ታሰጣለች። መቆንጠጫውን ከአፏ አወጣችና አየችኝ።

«እና ይሄ ሁሉ ሕዝብ፣» አለች፣ «ያንን ፎርኔሎ ከበሩ ዞር የሚያደርግ አንድ ሰው ጠፋ?»